የዳይሬክተር መግለጫ ላይ የፌስቲቫል መራጮች የሚፈልጉት ምንድነው? ረቂቄን እዩልኝ

ባለ16 ደቂቃ

ሰላም ለቤቱ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ጨርሼ ለፌስቲቫሎች ልልክ ነው። 16 ደቂቃ ነው። ሁለት እህትማማቾች ሟች አባታቸው ይኖርበት የነበረውን ቤት በአንድ ቀን ውስጥ ባዶ አድርገው ማስረከብ አለባቸው። ዕቃ ይሸክፋሉ፣ ይጣላሉ፣ ይስቃሉ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ፊልምፍሪዌይ ላይ ሁሉንም ሞልቼ Director Statement የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ ቆምኩ። የጻፍኩት ይኼ ነው፦

> ይህ ፊልም ስለ ሐዘን፣ ስለ ትዝታና ስለ ቤተሰብ ትስስር የሚያወሳ ጥልቅና ልብ የሚነካ ጉዞ ነው። ሁላችንም አንድ ቀን የምናጣው ሰው አለን። በፊልሙ ውስጥ ግጥማዊና ተፈጥሯዊ የምስል ቋንቋ ለመጠቀም ሞክሬያለሁ። ካሜራው የገፀ ባሕርያቱን ውስጣዊ ዓለም ይዳስሳል። ቀለማቱ የትዝታን ድባብ ያንፀባርቃሉ። ተመልካቹ ፊልሙን አይቶ ሲወጣ ስለ ራሱ ቤተሰብ እንዲያስብ እፈልጋለሁ።

ለጓደኞቼ ሳሳያቸው «ያምራል» አሉኝ። እኔ ግን ሳነበው የራሴ ፊልም አልመስል አለኝ። መራጮች እዚህ ላይ ምንድነው የሚፈልጉት? ስለ ምስሉስ ምን ያህል ዝርዝር ውስጥ ልግባ?

ጨለማ ክፍል

አትድከሚ እህቴ። ማንም አያነበውም። መራጮቹ በቀን ስንት ፊልም እንደሚያዩ ታውቂያለሽ? ፊልምሽ ጥሩ ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ አይገባም። ሳጥኑን ባዶ ትቼ ልኬ ተመርጬ አውቃለሁ። ጊዜሽን ድምፁን ለማስተካከል አውዪው።

ዝም ብዬ አንባቢ

እኔ የምለው፣ መጨረሻውን መንገር አለባት ወይስ የለባትም? እኔ ብሆን አልናገርም። ልብ የሚሰቅለው ነገር ይጠፋል። በዚያውም የመመዝገቢያ ክፍያ የሚያስቀር ኮድ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ቢልክልኝ?

ወንበር ቁጥር 7

ዝም ብዬ አንባቢ፣ አንተ የምትለው ሲኖፕሲስን ነው። እሱ የራሱ ሳጥን አለው። እዚህ የሚጠየቀው ታሪኩ ምን እንደሆነ አይደለም፤ ለምን በዚህ መልክ እንደተሠራ ነው።

ጨለማ ክፍል ያለው ግማሹ እውነት ነው። ለአንድ ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ክፍል በቅድመ መራጭነት፣ በኋላም በፕሮግራም ቡድኑ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። እኛ ጋ ልማዱ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ፊልሙ ይታያል። መግለጫው አይከፈትም። እኔም ሆን ብዬ አልከፍትም ነበር፤ ዓይኔን እንዳይመራው ብዬ። አንዱን ፊልም ከአንድ በላይ ሰው አይቶ ነጥብ ይሰጣል። አብዛኛው ፊልም እዚያው ይወድቃል። ጥቂቱ ደግሞ ያለ ክርክር ያልፋል። ለእነዚህ ለሁለቱ መግለጫው ምንም አይለውጥም።

ለምሳሌ ሰንዳንስ ለ2024 ዝግጅቱ ከ12 ሺህ በላይ አጭር ፊልሞች ቀርበውለት የመረጠው 53 ነው። እንዲህ ባለ ወንፊት ውስጥ መግለጫ ደካማ ፊልም አያድንም። በፍጹም።

ነገር ግን የመሃል ክምር የሚባል አለ። አንዱ መራጭ ወዶት ሌላው ያልወደደው ፊልም ማለት ነው። እዚያ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዳይሬክተሩ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው ወይስ እንዳጋጣሚ ነው?»

አንድ ጊዜ ያየነው ፊልም ላይ ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ስትናገር ፊቷ ከትኩረት ውጭ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው። አንዱ ባልደረባዬ «ካሜራማኑ ፎከስ ስቷል» አለ። ሌላዋ «የለም፣ በሦስት ትዕይንት ተደግሟል፣ ሐሳብ አለው» አለች። ያኔ ነው መግለጫው የተከፈተው። ዳይሬክተሩ ስለዚያ ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኛ ያገኘነው «የሰው ልጅ ብቸኝነት» የሚል አንድ ገጽ ነው። ፊልሙ ቀረ።

እንግዲህ መራጭ መግለጫ ውስጥ የሚፈልገው ይህን ነው። በስክሪኑ ላይ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ውሳኔ፣ ከነምክንያቱ። ያንቺ ረቂቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድም ነገር የለም። «ካሜራው ውስጣዊ ዓለምን ይዳስሳል» ለሚለው ፊልሙን ከፍቼ ምን ልፈልግ? የፊልምሽን ስም አውጥተሽ የሌላ ሰው ፊልም ስም አስገቢበት። ሳይቀየር ይሄዳል። የሚሄደውን ሁሉ ሰርዢው።

አሁን ልጠይቅሽ። ካሜራው የት ቆመ?

ባለ16 ደቂቃ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ካሜራው የቆመው በር ላይ ነው። ቀልዴን አይደለም። ከሲኒማቶግራፈሩ ጋር የተስማማነው ካሜራው የአባትየው ክፍል ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከበሩ ውጭ ቆሞ ያያል። የሚገባው በመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ገብቶ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሳይቆረጥ ይቆያል።

ምክንያቱ የግል ነው። እኛ ልጆች ሳለን የአባታችን ክፍል አይገባም ነበር። አንኳኩተን በሩ ላይ ቆመን ነበር የምናናግረው። ይህን ግን መጻፍ አፈርኩ። ማን ምን አገባው ብዬ።

ወንበር ቁጥር 7

በይ፣ መግለጫሽ እኮ ይኼ ነው! አሁን በጻፍሽው መልክ፣ ሳታሳምሪው።

ሌንስ ሰብሳቢ

እኔ ካሜራ ላይ ነው የምሠራው። የተቀረጸው በምንድነው? ሌንሱ ስንት ነው? ፍሬሙስ? መራጮች ቴክኒካል ዕውቀት እንዳለሽ ማየት ይፈልጋሉ። የካሜራውን ሞዴል፣ ሌንሱን፣ የቀለም እርማቱ በምን እንደተሠራ ጻፊ። ፕሮፌሽናል ያስመስላል።

ባለ16 ደቂቃ

ሁሉም በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ፍሬሙ 4 በ3 ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ከመስኮት ከሚገባው ብርሃን ሌላ አልተጠቀምንም። ሙዚቃም የለም፤ የመሳቢያ ድምፅ፣ የፕላስተር ድምፅ፣ የእግር ኮቴ ነው ያለው።

ሁለቱንም ምክር ይዤ እንደገና ጻፍኩት፦

> ልጆች ሳለን የአባታችን ክፍል አይገባም ነበር። በሩ ላይ ቆመን ነበር የምናናግረው። ስለዚህ በዚህ ፊልም ውስጥ ካሜራው እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ ወደ አባትየው ክፍል አይገባም። ፊልሙ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በ4 በ3 ፍሬም፣ በተፈጥሮ ብርሃን፣ ያለ ሙዚቃ፣ በትራይፖድ ተቀርጿል። የቀለም እርማቱ ሞቅ ያለ ቃና እንዲኖረው ተደርጓል። በጀታችን ውስን ስለነበረ ቀረጻው በ3 ቀን ተጠናቋል። ከቅርብ ሰው ሞት በኋላ የሚቀረውን ዕቃ ማን ይወስዳል የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ወንበር ቁጥር 7

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አራተኛው ላይ ተመልሼ ተደገፍኩ።

ሌንስ ሰብሳቢ፣ አትቀየመኝ። የዕቃ ዝርዝር ውሳኔ አይደለም። 35 ሚሊሜትር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። መራጩ ቴክኒሻን ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛው አይደለም። ግን «አንድ ሌንስ ብቻ ተጠቀምን፤ የዳር ተመልካች ዓይን ወደ ፈለገው ነገር ተስቦ መጠጋት አይችልምና» ብትል ገባኝ። ቁጥሩ ኖረ አልኖረ ግድ የለም። 4 በ3ም እንደዚያው። ለምን መረጥሽው?

ባለ16 ደቂቃ

እውነቱን ልናገር? የበሩ ቅርጽ ነው። ሰፊ ፍሬም ላይ በሩ መሃል ላይ ቆሞ ግራና ቀኙ ባዶ ግድግዳ ሆነብን። 4 በ3 ላይ ግን የበሩ መቃን የፍሬሙን ጠርዝ ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ያፍነዋል።

ወንበር ቁጥር 7

«የበሩ መቃን የፍሬሙን ጠርዝ ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው።» ይህን የጻፈ ሰው ፊልሙን አይቶታል። 4 በ3 እኮ ፋሽን ሆኗል። መራጭ ሲያየው መጀመሪያ የሚያስበው «ይኼም ለማማር ነው» ብሎ ነው። ያንቺ ምክንያት ግን ከዚህ ቤትና ከዚህ በር ውጭ አይሠራም።

በጀቱን አውጪው። ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል። 3 ቀን መሆኑ ለፊልሙ መልክ የሰጠው ነገር ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «የሁላችንም ጥያቄ ነው» የሚለውም ይውጣ። የሁላችንም መሆኑን እኔው ልወስን፣ ለእኔ ተይልኝ።

ሌንስ ሰብሳቢ

አልተቀየምኩም ጋሼ። ግን ለፈንድ ሲሆን ካሜራና ሌንስ ይጠየቃል። እኔ በሠራሁበት ማመልከቻ ላይ ተጠይቀናል።

ወንበር ቁጥር 7

ልክ ነህ፣ እሱ ግን ሌላ ሰነድ ነው። ለተጠናቀቀ ፊልም የሚጻፍና ገና ላልተቀረጸ ፕሮጀክት የሚጻፍ መግለጫ አይገናኙም። የሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድ ወይም የበርሊናሌው ወርልድ ሲኒማ ፈንድ ዘንድ ለፕሮዳክሽን ድጋፍ ስታመለክት ፊልሙ የለም። ወረቀቱ ነው ያለው። አንባቢው በጭንቅላቱ ውስጥ ፊልሙን መሥራት አለበት። ስለዚህ ረዘም ማለት ይቻላል፣ «እንዲህ አድርጌ እቀርጻለሁ» ማለት ይቻላል፣ ማጣቀሻ ምስልም ይገባል። ሊደረስበት የሚችል መሆኑም ይመዘናል። በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ እቀርጻለሁ ብለህ ስክሪፕቱ ግማሹ ሌሊት ከሆነ ይጠይቁሃል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን ተስፋ መስጠት የለም። ማስረጃው እዚያው ተያይዟል። ብዙ ሰው ለፈንድ የጻፈውን ገልብጦ ፌስቲቫል ላይ ይለጥፈዋል። ወዲያው ነው የሚታወቀው። «ፊልሙ ይዳስሳል»፣ «ካሜራው ይከተላል» እያለ ስለወደፊት ያወራል። የተቀረጸው ደግሞ ሌላ ነገር ሆኗል።

እናቴን ቀረጽኩ

ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። የእኔ ዶክመንተሪ ነው። ስለ እናቴ ነው፤ የመርሳት ሕመም አለባት። ከአንድ ትልቅ ቦታ ውድቅ ሲደረግ በመልሱ ላይ «ዳይሬክተሯ ከባለታሪኳ ጋር ያላት ግንኙነት ግልጽ አይደለም» የሚል ነበረበት። እናቴ ናት እኮ! ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለ? በመግለጫዬ ላይ ስለ ሕመሙ ስርጭት፣ በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደያዘው ሁሉ በደንብ ጽፌ ነበር።

ወንበር ቁጥር 7

እናትሽ መሆኗን ሳይሆን ካሜራውን ይዘሽ ምን እንደሆንሽ ነው የጠየቁሽ። እየቀረጽሽ ታወሪያት ነበር? ስታለቅስ ካሜራውን ታጠፊዋለሽ ወይስ ትቀጥያለሽ? አንቺን ያልለየችሽ ቀን ቀረጻው ላይ አለ? ለመቀረጽ ፈቃዷን መስጠት የማትችል ሰው ስትቀርጪ ወሰንሽ የት ነው? ዶክመንተሪ ላይ የምስል አቀራረብ ማለት በአብዛኛው ይኼ ነው። ስንት ሰው እንደያዘው የሚለው ቁጥር ለዘገባ ይሆናል።

እናቴን ቀረጽኩ

የምትተኛበት ክፍል ውስጥ አልቀረጽኩም። እንዲሁ አንድ ቀን ወሰንኩና አልገባም አልኩ። እሱን ግን የትም አልጻፍኩትም። ምን ዋጋ አለው ብዬ።

ጨለማ ክፍል

እሺ፣ ግን አንድ ነገር አስቆጣኝ። አሁን ሁሉም ሰው ቁስሉን መጻፍ አለበት ማለት ነው? አባቴ ሞተ፣ እናቴ ታመመች ያላለ አይመረጥም? መራጮች እንባ ይወዳሉ ነው የሚባለው። እኔ ስለ ሁለት ሌቦች አስቂኝ ፊልም ሠርቻለሁ። ምን ልጻፍ፣ ሰርቄ አውቃለሁ ልበል?

ሳምሪ ኤዲተር

ሃሃ። እዚህ ላይ ከጨለማ ክፍል ጋር ነኝ። የምቆርጥላቸው ዳይሬክተሮች መግለጫ ላይ እየተለመደ የመጣ ነገር ነው። ፊልሙ ውስጥ የሌለ የግል ታሪክ ይለጠፋል። ኑዛዜ ይሆናል።

ወንበር ቁጥር 7

በዚህ ላይ መራጮችም አይስማሙም። «ለምን አንተ?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ በተለይ ፊልሙ የሌላ ሰው ሕይወት ላይ ከቆመ። የግል ታሪክ የሚያሸንፋቸው መራጮችም አሉ፣ አልዋሽም። እኔ የምለየው በዚህ ነው፦ የግል ታሪኩ ካሜራው የቆመበትን ቦታ ለውጧል? የባለ16 ደቂቃ ለውጧል። በር ላይ ያቆመው እሱ ነው። ካልለወጠ ግን ቢወጣ አይጎድልም።

ለአስቂኝ ፊልምህ ቁስል አያስፈልግህም ወንድሜ። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ንገረኝ። ሌቦቹን ከሩቅ በአንድ ረጅም ሾት እያየናቸው ነው የምንስቀው ወይስ በቁርጡ ነው? እሱም ውሳኔ ነው።

ጨለማ ክፍል

ከሩቅ ነው። ፊታቸው አይታይም ማለት ይቻላል። ቅርብ ሾት ሞክረን ነበር፣ አሳዘኑን። ሌባ ሲያሳዝን አያስቅም።

ወንበር ቁጥር 7

«ማንም አያነበውም» ላልከው ሳጥን መልሱን ጻፍክ እኮ።

ጨለማ ክፍል

አሁንም አያነቡትም እላለሁ። ግን እሺ፣ እለጥፈዋለሁ።

ባለ16 ደቂቃ

ለጋሼና ለሳምሪ የፊልሙን ሊንክ በውስጥ መስመር ልኬላችኋለሁ። እስከዚያው ሌላ ጥያቄ። የማደንቃቸውን ዳይሬክተሮች ስም ልጥቀስ? የሲኒማ ትምህርት ቤት መምህሬ ማጣቀሻ ከሌለው ባዶ ይመስላል ይል ነበር።

ሌንስ ሰብሳቢ

ጥቀሺ! ሁሉም ይጠቅሳል።

ሳምሪ ኤዲተር

ሁሉም ስለሚጠቅስ ነው እኮ የማይጠቅመው። ያቺን ትልቅ ስም ሳነብ በጭንቅላቴ የምትመጣው የእሱ ፊልም ናት። ከዚያ ያንቺን ከእሷ ጋር አስተያያለሁ። ማን ነው በገዛ እጁ እንዲህ ያለ ውድድር ውስጥ የሚገባ?

ወንበር ቁጥር 7

ለፕሮጀክት ማመልከቻ ማጣቀሻ ይጠቅማል፤ ፊልሙ ስለሌለ አንባቢው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ለተጠናቀቀ ፊልም እኔም የሳምሪን ነው የምለው። የማይስማሙ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ አንድ ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስደስታቸዋል።

ሳምሪ ኤዲተር

ባለ16 ደቂቃ፣ ፊልምሽን አየሁት። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። መግለጫሽ «ካሜራው እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ አይገባም» ይላል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ መሳቢያው በቅርብ ይታያል። ታናሽዬዋ ሰዓቱን አንስታ ኪሷ ስትከተው። ያ ሾት ከበር ላይ ሊነሳ አይችልም። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ነው።

ባለ16 ደቂቃ

ወይኔ! እውነትሽን ነው። ያንን ሾት የቀረጽነው በመጨረሻው ቀን ነው። ከበሩ ሲታይ ሰዓቱን እንደወሰደች አይለይም ነበር። ለታሪኩ ብለን ጨመርነው። አሁን ምን ላድርግ፣ ላውጣው? መራጭ ይህን ያያል?

ወንበር ቁጥር 7

ያያል። መግለጫው ሕግ ካወጀ አንባቢው ሕጉን ይዞ ወደ ፊልሙ ይመለሳል። ክርክር ያለበት ፊልም ከሆነ ደግሞ ተመልሰን ቁልፍ ትዕይንቶችን እናያለን። የሚጎዳውም ይኼ ነው። መግለጫው «ካሜራው ከእሷ ጋር ይተነፍሳል» ብሎ ፊልሙ ትራይፖድ ላይ የቆመ ጊዜ አለ። ያኔ መራጩ የሚያስበው ውሸት ነው ብሎ አይደለም። ዳይሬክተሩ የሠራውን አያውቀውም ብሎ ነው የሚያስበው። ይኼ ይብሳል።

ግን ሾቱን ለማውጣት አትቸኩዪ። እኔም ፊልሙን አሁን አየሁት። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ የሚገባው መቼ መቼ ነው? አንዴ ታናሽዬዋ ሰዓቱን ስትሰርቅ። አንዴ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ነገር ከተወሰደ በኋላ። አይታይሽም?

ባለ16 ደቂቃ

የሆነ ነገር ሲወሰድ ነው የሚገባው።

ሳምሪ ኤዲተር

እንዴ! ቆይ፣ ታላቅየዋ አልጋውን ስታስወጣስ? እሱም እኮ መወሰድ ነው። ያኔ በር ላይ ነን።

ባለ16 ደቂቃ

አልጋውን የሚወስዱት ተስማምተው ነው። ለሽያጭ ነው። ሰዓቱ ግን በድብቅ ነው።

ወንበር ቁጥር 7

መልሱን አገኘሽው። ዳይሬክተሮች ብዙ ጊዜ ከቀረጻ በፊት የነበረውን ዕቅድ ነው የሚጽፉት። መግለጫ የሚጻፈው ግን ከመጨረሻው ቁርጥ ነው። ፊልሙን ከፍተሽ፣ ድምፁን ዘግተሽ፣ እያንዳንዱ ሾት ላይ ካሜራው የት እንዳለ በወረቀት ላይ አስፍሪ። 16 ደቂቃ ለሆነ ፊልም ከባድ አይደለም። የሚደጋገመውንና የሚያፈነግጠውን ታያለሽ። ማፈንገጡ ምክንያት ካለው እሱን ነው የምትጽፊው።

ሌንስ ሰብሳቢ

ጋሼ፣ ይኼ ግን ከኋላ ምክንያት መፈብረክ አይሆንም? እሷ እኮ ያስገባችው ሰዓቱ እንዲታይ ብላ ነው።

ወንበር ቁጥር 7

ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንበሩ ቀጭን ነው። እኔ የምለው፣ ኤዲቲንግ ላይ ስታስቀምጠው መርጣዋለች። ቀረጻ ላይ ቸግሯት ሊሆን ይችላል። ከቆረጠች በኋላ ግን ያ ሾት ለምን እንደሚሠራ ማወቅ አለባት። «ከመጀመሪያው እንዲህ አቅጄ ነበር» ብላ ከጻፈች ፈብርካለች። «ካሜራው በዚህ ጊዜ ይገባል» ብላ ያለውን ከጻፈች እውነት ነው።

ሌንስ ሰብሳቢ

እኔ አልተዋጠልኝም፣ ግን እሺ።

ሳምሪ ኤዲተር

እኔም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። አንድ ሾት ላይ ይህን ያህል መስቀል ያስፈራኛል። ሰዓቱ መሰረቁን መግለጫው ላይ ማንሳትም ታሪኩን ማውጣት ነው።

ባለ16 ደቂቃ

የሳምሪን ስጋት ይዤ ሰዓቱን ሳልጠራ ጻፍኩት፦

> ልጆች ሳለን የአባታችን ክፍል አይገባም ነበር። አንኳኩተን በሩ ላይ ቆመን ነበር የምናናግረው። ፊልሙ ውስጥ ካሜራውም በሩ ላይ ይቆማል። እህትማማቾቹ ገብተው ሲወጡ ከውጭ ሆነን እናያቸዋለን። ፍሬሙን ጠባብ ያደረግነው የበሩ መቃን ጠርዙን ሊነካ እንዲቀርብ ነው፤ ሰፊ ፍሬም ላይ ተመልካቹ የሚያመልጥበት ቦታ ያገኝ ነበር። አንድ ሌንስ ብቻ ተጠቅመናል፤ ከበር ላይ የሚያይ ሰው መጠጋት አይችልምና። ካሜራው ደፉን የሚሻገረው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዷ እህት ለሌላዋ የማትነግረውን ነገር ስታደርግ፣ እና ክፍሉ ውስጥ የሚጠበቅ ዕቃ በማይቀርበት ጊዜ። ሙዚቃ የለም። ሙዚቃ ብንጨምር እኛን ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ የሚገባ መሰለን።

እናቴን ቀረጽኩ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር!

ወንበር ቁጥር 7

ይኼን ባነብ ፊልሙን ደግሜ እከፍተዋለሁ። ከመግለጫ የምጠብቀው ይህን ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። «ተመልካቹ የሚያመልጥበት ቦታ ያገኝ ነበር» የሚለው ትንሽ ይከብዳል፣ አንድ ቀን አሳድረሽ እዪው። ሁለተኛ፣ ከተመረጥሽ ይኼው ጽሑፍ ካታሎግ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከማሳያው በኋላ መድረክ ላይ ቆመሽም የሚጠይቁሽ ከዚሁ ነው። ስለ አባትሽ ክፍል ማይክ ይዘሽ ለመናገር ከተዘጋጀሽ ተይው። ካልሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወደ ገፀ ባሕርያቱ አዙሪያቸው፦ «በዚህ ቤት ልጆች ወደ አባታቸው ክፍል አይገቡም ነበር።» ውሳኔው አይለወጥም።

ባለ16 ደቂቃ

እሱን አላሰብኩትም ነበር። እህቴ እንዳታየው ፈርቼ ነው መጀመሪያም ያፈርኩት። እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለች በገፀ ባሕርያቱ አደርገዋለሁ።

ጨለማ ክፍል

ስንት ቃል ሆነ? ረዘመ ያለ ሰው የለም እንዴ?

ሳምሪ ኤዲተር

አንድ አንቀጽ ነው። አንዳንድ ፌስቲቫል በራሱ ቅጽ ላይ የቃላት ገደብ ያስቀምጣል፤ እዚያ መቁረጥ ግድ ነው። ከተቆረጠ መጀመሪያ የሚወጣው የሌንሱ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። በሩና ደፉ ከቀሩ ይበቃል።

ሌንስ ሰብሳቢ

ሌንሱን ብቻ አትንኩብኝ አልኳችሁ!

ዝም ብዬ አንባቢ

ሁሉንም አነበብኩ። ለካ እኔ እስካሁን ሲኖፕሲሴን ነበር ሁለቱም ሳጥን ላይ የምለጥፈው። ኮድ ያለው ሰው ግን አሁንም አልመለሰልኝም።